«ልጁ እኮ ፈርሟል»፦ ስለ ታካሚ ፈቃድ ለክፍል ገለጻ ጥያቄ ያዘጋጀሁበት መንገድ

የነርሲንግ ሥነ ምግባር ኮርስ ላይ የ20 ደቂቃ ገለጻ ደረሰኝ። ርዕሱ ታካሚ ተረድቶ ስለሚሰጠው ፈቃድ ነው። ራሳቸው መወሰን የማይችሉትንም ይጨምራል። ደሴ ውስጥ ቀዶ ሕክምና ዋርድ እየሠራሁ ስለምማር ቀላል መስሎኝ ነበር። አምስት ጥያቄ ጻፍኩ። «ኮንሰንት ምንድን ነው?»፣ «ማን መፈረም ይችላል?» የመሳሰሉ ናቸው። አዳር ተረኛ ሆነን ለሥራ ባልደረባዬ አነበብኩላት። መድኃኒት እያዘጋጀች፣ ቀና ሳትል አምስቱንም መለሰቻቸው። «እና ምን ቀረ የምንወያይበት?» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። ሁሉንም ሰረዝኳቸውና በምትካቸው አንድ ታካሚ አስታወስኩ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ ጥቂት ነገር ቀይሬያለሁ።

ከደላንታ በኩል የመጡ፣ ዕድሜያቸው 60ዎቹ ውስጥ ያለ አባት ናቸው። ስኳር አለባቸው፣ ኢንሱሊን ይወጋሉ። የግራ እግራቸው ጣቶች ጠቁረዋል፤ ቁስሉ እርጥብ ነው፣ ይሸታል። እግራቸው ከጉልበት በታች መቆረጥ አለበት ተብሏል። እሳቸው ግን ይቃዣሉ። ስማቸውን ስንጠይቃቸው የሌላ ሰው ስም ይጠራሉ። «መወሰን አይችሉም» ተባለና የበኩር ልጃቸው ፎርሙ ላይ ፈረመ። ቻርቱን ስረከብ ፊርማው አለ፣ ምስክሩ አለ፣ ቀኑ አለ። ምንም ሳልጠይቅ ለኦፕራሲዮን ማዘጋጀት ጀመርኩ።

ልብሳቸውን ስቀይር ገላቸው ላብ በላብ ሆኗል። ቀዝቃዛ ላብ ነው። ልጁን «ዛሬ ምን በሉ?» አልኩት። «ኢንሱሊኑን ጠዋት ወጋኋቸው። ምግብ ግን ኦፕራሲዮን አለ ስላላችሁን አልሰጠናቸውም» አለኝ። ስኳራቸውን ለካሁ። 38 ነው። ከ70 በታች ዝቅተኛ ነው የምንለው። ሐኪሙን ጠራን፣ 40 በመቶ ግሉኮስ በደም ሥር ተሰጣቸው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ዓይናቸውን ገልጠው «የት ነው ያለሁት ልጄ?» አሉኝ።

ገለጻዬ ላይ ታሪኩን እዚህ አቆምኩት። የመጀመሪያው ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነበር። «ልጃቸው የፈረመው ፎርም አሁንም ይሠራል?»

ክፍሉ ሁለት ቦታ ተከፈለ። ከኋላ አንዱ «ልጁ እኮ ፈርሟል፣ ምን ችግር አለው?» አለ። ይህን መልስ ስጠብቀው ነበር፣ ምክንያቱም ዋርድ ውስጥ በየቀኑ የምንለው ነው። «አስታማሚ ይፈርም» እንላለን። አስታማሚው የሚፈርመው ግን ታካሚው መወሰን ስላልቻለ ነው። ያ ምክንያት ሲጠፋ ውሳኔው ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። መወሰን አለመቻል እንደ ደም ዓይነት ከሰው ጋር የሚኖር ነገር አይደለም። በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ውሳኔ ላይ ብቻ ነው የሚለካው። የመወሰን አቅም በስኳር ማነስ ይጠፋል፣ በትኩሳት ይጠፋል፣ በኢንፌክሽን ይጠፋል፤ ሲታከም ይመለሳል። ስለዚህ «ማን ይፈርምላቸው?» ከማለታችን በፊት «ምንድን ነው ያደናገራቸው?» ማለት ነበረብን።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ስኳሩ ተስተካከለ ማለት ጭንቅላቱ ወዲያው ጠራ ማለት አይደለም። ዓይናቸውን በገለጡ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ብናስፈርማቸው ያው ስህተት በሌላ መልክ ይሆን ነበር። እግሩ በሰዓታት ልዩነት የሚያስቸኩል እንጂ በደቂቃ የሚገድል አልነበረም። ግሉኮሱ እየወረደላቸው አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ጠዋት የተወጉት ኢንሱሊን ገና እየሠራ ስለነበር ስኳራቸው እንደገና እንዳይወርድ ደጋግመን ለካን። ከዚያ ቀዶ ሐኪሙ ተመልሶ አስረዳቸው። ማስረዳት የእሱ ኃላፊነት ነው። የኔ ድርሻ መረዳታቸውን ማየት፣ ካልተረዱ ደግሞ መልሼ እሱን መጥራት ነው።

«ገባዎት ወይ?» ብዬ አልጠየቅኳቸውም። ለዚያ ጥያቄ ሁሉም ሰው «አዎ» ነው የሚለው። «አባባ፣ ቤት ያሉት እናታችን ምን ሊደረግ ነው ቢሉዎት ምን ይሏቸዋል?» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡ። «እግሬ ሞቷል። ካልቆረጣችሁት ወደ ላይ ወጥቶ ይገድለኛል ትላላችሁ። ከቆረጣችሁት ደግሞ በሬ ጠምጄ አላርስም» አሉ። በዚህች መልስ ውስጥ የምንፈልገው ሁሉ አለ። የተነገራቸውን ተረድተዋል። በራሳቸው ላይ እንደሚደርስ አውቀዋል። ሁለቱን አመዛዝነዋል። የቀረው ምርጫቸውን መናገር ነው። ዝም አሉና «እግሬን ምን ታደርጉታላችሁ?» ብለው ጠየቁ። አገራቸው ተወስዶ እንዲቀበር ይፈልጋሉ። ልጃቸው ሲፈርም ይህን አላነሳም፤ እኛም አልጠየቅነውም። ለልጆቻቸው እንደሚሰጥ ተነገራቸው፣ ቻርት ላይ ተጻፈ። ከዚያ በጣታቸው ፈረሙ።

ለሁለተኛው ጥያቄ ታሪኩን አዞርኩት። «እምቢ ቢሉስ?» ብዙዎች «እንግዲያው ገና አልነቁም ማለት ነው» አሉ። ይህ በጣም ያሳስበኛል። ታካሚው ሲስማማ አቅሙን ማንም አይመረምርም፤ እምቢ ሲል ግን አእምሮው ይጠረጠራል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 20 ሰው ምርመራንም ሆነ ሕክምናን እምቢ ማለት እንደሚችል ይናገራል። ሁለት መልስ ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። አንዱ «እግሬ ደህና ነው፣ ምንም አልጠቆረም» የሚል ነው። ሌላው «እንደምሞት አውቃለሁ፣ ግን ከነእግሬ ልሙት» የሚል። የመጀመሪያው የሁኔታውን እውነት አልያዘም፤ አቅሙ እንደገና ይታይ። ሁለተኛው ልባችንን ቢሰብረውም የሚያስብ ሰው ውሳኔ ነው። ጊዜ ካለ እንደገና እናነጋግረው፣ የሚያከብረው ሰው ካለ ይምጣ፣ ሕመሙን እናስታግስለት። ማስገደድ ግን አይቻልም።

ሦስተኛው ጥያቄ «ስኳራቸው ተስተካክሎም ባይነቁስ?» ነበር። ያኔ ወደ ልጁ እንመለሳለን፤ ጥያቄው ግን ይለወጣል። «አንተ ምን ትፈልጋለህ?» ሳይሆን «አባትህ ቁጭ ብለው ቢሰሙን ምን ይሉ ነበር?» ነው የምንለው። ልጆቹ ካላወቁ ለታካሚው የሚበጀው ይመዘናል። ሕይወታቸው ለጥቂት ጊዜ እንኳ የማይጠብቅ ከሆነና ቤተሰብ ካልተገኘ ደግሞ ሕይወት የሚያተርፈው ይሠራል። ሌላው ይቆይ።

አራተኛውን ጥያቄ ከክፍሉ አገኘሁ። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ጠዋት 2:10 ላይ ለሕመም ማስታገሻ ፔቲዲን የተወጋ ሰው 2:40 ላይ ቢፈርምስ?» አለች። እኔ አላሰብኩትም ነበር። ከባድ ሕመም ራሱ ማሰብ ይከለክላል፤ ስለዚህ መድኃኒቱን አስቀርተን እናስፈርም ማለት አይቻልም። ግን ካደነዘዘው ፊርማው ምን ዋጋ አለው? ከተወያየን በኋላ የተስማማነው፣ ከተቻለ ከመርፌው በፊት ማስረዳት፣ ካልተቻለ ደግሞ ሕመሙ ጋብ ሲል ከላይ እንዳሉት አባት በራሱ ቃል እንዲነግረን ማድረግ ነው። አሁን ታካሚ ስረከብ ከፎርሙ በፊት የመድኃኒት መስጫ ወረቀቱን እገልጣለሁ። መጨረሻ የተሰጠው መቼ እንደሆነ፣ የተፈረመው መቼ እንደሆነ ሰዓቱን አስተያያለሁ።