ትናንት የጠፋው ሳይገኝ ከወር በፊት የጠፋው ተገኘ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። በየካቲት አንድ ፎቶ አንሺ ከደብረ ሲና ላፕቶፑን ይዞ መጣ። በጥር ያነሳውን የሰርግ ፎቶ ከነፎልደሩ በሺፍት ዲሊት አጥፍቶታል። «ጋሼ፣ ትናንት ማታ ነው የጠፋው፤ ወዲያው ነው የዘጋሁት» አለኝ። ብዙ ዓመት የሠራሁት ሃርድ ዲስክ ላይ ነውና ተስፋ ሰጠሁት። ሃርድ ዲስክ ላይ ፋይል ሲጠፋ ዊንዶውስ «ይህ ቦታ ተለቋል» ብሎ መዝገቡ ላይ ምልክት ያደርጋል እንጂ ፎቶውን አይነካውም። ሌላ ነገር እስኪጻፍበት እዚያው ይቆያል።

የዚህ ላፕቶፕ ግን በሚሽከረከር ዲስክ ፈንታ ፍላሽ ቺፕ ላይ የሚጽፍ ኤስኤስዲ ነበር። የሪከቨሪ ፕሮግራሙ የፎቶዎቹን ስምና መጠን ሳያጓድል ዘረዘረ፤ ልጁም እፎይ አለ። አውጥተን ስንሞክራቸው አንዱም አልከፈት አለ። በሄክስ ኤዲተር ሳያቸው፣ የጄፔግ ፎቶ በ`FF D8 FF` መጀመር ሲገባው ከላይ እስከ ታች `00` ብቻ ነው። ስሞቹ የተረፉት በዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ ለብቻቸው ስለተቀመጡ ነው። ይህን ጠየቅሁ፦

```
fsutil behavior query DisableDeleteNotify
```

መልሱ `0` ነበር፤ ትሪም በርቷል ማለት ነው።

ፍላሽ ቺፕ በተጻፈበት ላይ ደርቦ መጻፍ አይችልም፤ መጀመሪያ አንድ ሙሉ ብሎክ መጠረግ አለበት። ስለዚህ ፋይል ሲጠፋ ዊንዶውስ በትሪም «እነዚህን አልፈልጋቸውም» ብሎ ለኤስኤስዲው ይነግረዋል። ከዚያ በኋላ ያንን አድራሻ ብናነብ፣ ብዙዎቹ ኤስኤስዲዎች ቺፑን ሳያዩ ዜሮ ይመልሳሉ። ጠረጋውንም የኤስኤስዲውን ሥራ የሚመራው ቺፕ፣ ኮንትሮለሩ፣ በራሱ ጊዜ ያካሂደዋል፤ መብራት እስካገኘ ድረስ እኛ ምንም ባንጽፍበትም አያቆምም።

ዊር ሌቭሊንግ ደግሞ ሌላውን በር ይዘጋል። እያንዳንዱ ብሎክ የሚጠረግበት ጊዜ ብዛት የተወሰነ ስለሆነ፣ ኮንትሮለሩ አንዱ ቀድሞ እንዳያልቅ ጽሑፉን ያዘዋውራል። ዊንዶውስ የሚያውቀው አድራሻና ቺፑ ላይ ያለው ቦታ አንድ አይደሉም። አሮጌ ቅጂ ለጊዜው ቢተርፍ እንኳ ከውጭ የምንጠራበት አድራሻ የለውም። ቺፑን ነቅሎ ማንበብም ያለ ኮንትሮለሩ ካርታ ፍርስራሽ መልቀም ነው፤ ብዙዎቹ ኤስኤስዲዎች ደግሞ ዳታውን ኢንክሪፕት አድርገው ነው የሚጽፉት።

ከዚያ «ፎቶዎቹ ወደ ላፕቶፑ የገቡት በምን ነው?» ስል ጠየቅሁት። በአሮጌ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ አምጥቶ፣ ገልብጦ፣ ከዲስኩ ላይ ያጠፋቸው ከወር በፊት ነው። በማግስቱ አመጣልኝ። መጀመሪያ የዲስኩን ሙሉ ቅጂ፣ ኢሜጅ የምንለውን፣ ወሰድኩ፤ ኢሜጁ ላይ `photorec` የሚባለውን የሪከቨሪ ፕሮግራም አስነሳሁ። አብዛኞቹ ፎቶዎች ተከፈቱ፤ ሌላ ነገር የተጻፈባቸው ጥቂቶች ግማሻቸው ግራጫ ሆኖ ወጣ። ፕሮግራሙ የሚፈልገው በፋይሉ አጀማመር ስለሆነ ስሞቻቸው አልተመለሱም፤ ልጁ አጠገቤ ተቀምጦ አንድ በአንድ ለየ።

አሁን ደንበኛ ሲመጣ መቼ እንደጠፋ ከመጠየቄ በፊት ምን ላይ እንደነበረ እጠይቃለሁ። የላፕቶፕ ውስጥ ኤስኤስዲ ከሆነ ሪሳይክል ቢኑን አይቼ ወዲያው ሌላ ቅጂ ወደ መፈለግ እሄዳለሁ። በዩኤስቢ የሚሰካ ኤስኤስዲ ከሆነ ግን እሞክራለሁ፤ አንዳንዱ የዩኤስቢ ማቀፊያ የትሪምን ትእዛዝ አያሳልፍም።