ቀሪውን ሂሳብ ማን ይያዝልን? የቤታችን የወር በጀት ሠንጠረዥ

የምንኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ተከራይተን ነው። ደመወዝ የሚገባው በፈረንጆቹ ወር መጨረሻ ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር እንደ ወሩ ከ19 እስከ 25 ባለው ቀን ላይ ይውላል። ኪራይና እድር ደግሞ የሚከፈሉት ወር በገባ በ1 ነው። ስለዚህ ሠንጠረዡን ከወሩ መጀመሪያ ሳይሆን ከደመወዝ ቀን አስጀመርሁት፤ አለዚያ ወሩ ሲገባ ባንክ ውስጥ ያለው ገንዘብ ትርፍ ይመስላል።

አምዶቹ ከA እስከ F ስድስት ናቸው፦ ቀን፣ ምክንያት፣ ዓይነት፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ። የመጀመሪያው ረድፍ ርዕስ ነው፤ ሁለተኛው ካለፈው ወር የተረፈውን በገቢ አምድ ይይዛል። ቀኑን «ጥቅምት 21» ብዬ በቃል እጽፋለሁ፤ በቁጥር ብቻ ካስገባሁት ኮምፒውተሩ የፈረንጅ ቀን አድርጎ ይተረጉመዋል።

ብዙ ሰው ለቀሪው የሚጠቀምበት ቀመር ከላይ ያለውን ቀሪ ወስዶ ገቢ የሚደምር፣ ወጪ የሚቀንስ ነው፦

```
=F5+D6-E6
```

ይሠራል፤ ግን መሐል ላይ ረድፍ እስኪገባ ድረስ ነው። የእኛን ጥቅምት ልውሰድ። የተረፈ 1,400 ብር፣ ደመወዝ 22,000፤ ቀሪ 23,400። እቁብ 3,000 ወጣ፣ ከእህል በረንዳ ጤፍ በ3,500 ተገዛ፤ ቀሪ 16,900። ኅዳር 1 ኪራይ 9,000 ሲከፈል 7,900 ሆነ። አሁን የወፍጮ 100 ብር ከጤፉ ቀጥሎ ይግባ እንበል። የኪራዩ ረድፍ አሁንም የጤፉን ቀሪ ይዞ ያሰላልና 7,900 ማለቱን ይቀጥላል። ስሕተት የሚል ምልክት አይወጣም፤ አደገኛነቱም እዚህ ላይ ነው። ረድፍ ሲሰረዝ ግን ቢያንስ `#REF!` ብሎ ይጮኻል።

እኔ የመረጥሁት ሁልጊዜ ከላይ ጀምሮ የሚደምረውን ነው፦

```
=SUM(D$2:D2)-SUM(E$2:E2)
```

ይህን F2 ላይ ጽፎ ወደ ታች መጎተት ነው። የዶላር ምልክቱ መነሻውን 2 ላይ ያስረዋል፣ መድረሻው ብቻ ይወርዳል። ወፍጮው ሲገባ ክልሉ ራሱ ይሰፋና የኪራዩ ቀሪ 7,800 ይሆናል። ለአዲሱ ረድፍ ግን ቀመሩን መቅዳት ያስፈልጋል። እድር 200 ሲከፈል 7,600 ቀረ፤ ቀጣዩ ደመወዝ እስኪገባ 20 ቀን አለ፣ ማለትም በቀን 380 ብር። ታክሲ፣ አትክልትና መብራት ከዚያ ነው የሚወጡት።

ቋሚውንና ተለዋዋጩን የምለየው እንዲህ ነው፦

```
=SUMIF(C:C,"ቋሚ",E:E)
=SUMIF(C:C,"ተለዋዋጭ",E:E)
```

አንዱ ረድፍ ላይ «ተለዋዋጪ» ተብሎ ከተጻፈ ያ ወጪ ከሁለቱም ይጠፋል። ባለቤቴና እኔ በየፊናችን ስለምንሞላ ይህ አይቀርም። ስለዚህ የሁለቱን ድምር ከወጪ አምዱ ድምር ጋር አስተያየዋለሁ፤ ልዩነት ካለ መጠኑ ራሱ የትኛው ረድፍ እንደሆነ ይጠቁመኛል። እቁቡን ግን ቋሚ ማለት ይገባ እንደሆነ እስካሁን አልተስማማንም፤ እሷ ቁጠባ ነው ትላለች፣ እኔ ዕጣው እስኪወጣልን ድረስ ወጪ ብዬ ይዤዋለሁ።