የፊደል ጨዋታዬ ዛሬ ተፈተነ

ቃል መመሥረቻ ጨዋታዬን ዛሬ ከጓደኞቼ ጋር ሞከርነው። መጀመሪያ 33ቱን ፊደል በ7 አባዝቼ 231 ካርድ ቆርጬ ነበር (ጣቴ አሁንም ያመኛል)። ሰባት ሰባት አደልኩ። የአንዷ እጅ ላይ ጱ፣ ዤ፣ ፔ፣ ኼ ተደረደሩ። “በዚህ ምን ልጻፍ?” አለችኝ። እውነቷን ነው።

እነዚያን ካርዶች ትቼ የፊደል ቤተሰብ ካርድ ብቻ ያዝኩ። “ሰ” የያዘ ከሰ እስከ ሶ ያሻውን ያነባል። ሀ፣ ሐ፣ ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን አንድ ሳደርጋቸው 28 ቤተሰብ ቀረ። የሆሄ ጭቅጭቁም አብሮ ቀረ።

አሁን ደግሞ በጣም ቀለለ። ስለዚህ ዳይ ጨመርኩ። ፊቱ ስድስት፣ ድምፁ ሰባት። ሳድስ በጣም ብዙ ቃል ውስጥ ስለሚገባ እሱን አስወጣሁት፤ ልክ ገጠመ! ዳዩ ያወጣው ድምፅ ቃሉ ውስጥ መኖር አለበት።

ከዚያ አንዱ ሰ፣ በ፣ ረን ይዞ ፈጀን። ግዕዝ ሲወጣ ሰበረ፣ ካዕብ ሰበሩ፣ ሣልስ ሰባሪ፣ ራብዕ ሰባራ፣ ኃምስ ሰብሬ፣ ሳብዕ ሰብሮ። በሦስት ካርድ ስድስቱንም! ወዲያው አዲስ ሕግ ወጣ፦ አንድ ሥር በአንድ ዙር አንዴ ብቻ። “ሰብሬ ራሱን የቻለ ቃል ነው ወይ?” የሚለው ግን እስካሁን እያከራከረን ነው።