ፓነሉ ለምን መጀመሪያ ተጻፈ?

የምሠራው አዳማ ውስጥ የሶላር ዕቃ በሚያከፋፍል ድርጅት ነው። ሥራዬ ከዕቃው ጋር በካርቶን የሚገባውን የአጠቃቀም መመሪያ መገምገምና ማረም ነው። የምንሸጠው ለአንድ ቤት የሚበቃ ነው፤ ፓነል፣ ውሃ የሚጨመርበት ባለ12 ቮልት ባትሪ፣ በሁለቱ መሃል ገብቶ የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠረው ቻርጅ ኮንትሮለር፣ ጥቂት አምፖሎችና ሽቦ። ገዢው በአብዛኛው ከወለንጪቲ ወይም ከዴራ በኩል ይመጣል፣ ካርቶኑን አይሱዙ ላይ ጭኖ ይሄዳል፣ ቤቱ ሲደርስ የሚገጥመው ራሱ ነው። ያለችው አስተማሪ ያቺ መመሪያ ብቻ ናት።

ክረምቱ እንዳለፈ ኮንትሮለር በላይ በላዩ ይመለስ ጀመር። የሰዉ ቅሬታ ግን ግራ ያጋባ ነበር። ባትሪ ሲያልቅ መብራት መጥፋቱ ያለ ነገር ነው፤ እነዚህ ሰዎች ግን «መብራቱ እምቢ አለ፣ ባትሪው ደግሞ ይፈላል፣ ውሃው ቶሎ ያልቃል» ይላሉ። አላለቀም፣ ግን አያበራም። የጥገናው ልጅ የተመለሰውን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ እየገጠመ ይሞክራል፤ ሁሉም ይሠራል። «ዕቃው ጤነኛ ነው፤ ሰዉ ነው የማያነበው» አለኝ። እኔ የጠረጠርኩት ግን ማንበባቸውን ነው።

መመሪያውን ገለጥኩ። የአገጣጠም ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይላል፤ ተራ ቁጥር አንድ ፓነሉን ከኮንትሮለሩ ጋር ያገናኙ፣ ሁለት ባትሪውን ያገናኙ፣ ሦስት ጭነቱን ያገናኙ። ከዚያ ገጹ ያልቅና በሚቀጥለው ገጽ አናት ላይ በሣጥን ውስጥ «ማሳሰቢያ፦ ፓነሉን ከማገናኘትዎ በፊት ባትሪውን ማገናኘትዎን ያረጋግጡ» የሚል አለ። ሰውየው እዚያ ሲደርስ ሥራውን ጨርሶ እጁን ታጥቧል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ይህ ዓይነቱ ኮንትሮለር ከባለ12 ቮልት ባትሪም ከባለ24ም ጋር ይሠራል፤ የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው መጀመሪያ ሲነቃ በሚያገኘው ቮልቴጅ ነው። ባትሪው ቀድሞ ከተገናኘ 12 ምናምን ያያል፣ በዚያው ይጸናል። ፓነሉ ከቀደመ ግን ሌላ ነው። «ባለ12 ቮልት» የምንለው ፓነል ፀሐይ ላይ ሆኖ ምንም ሳይስብበት ሲለካ ወደ 20 ቮልት ይሰጣል። ኮንትሮለሩ ይህን አይቶ ባለ24 ባትሪ ያለ ይመስለዋል። ቀጥሎ ባትሪው ሲመጣ 12 ቮልቱን «ያለቀ ባለ24 ባትሪ» ብሎ ይቆጥረዋል፤ ስለዚህ ባትሪውን ለማዳን መብራቱን ይቆርጣል። መሙላቱን ደግሞ ባለ12 ባትሪ በሚያቆምበት 14 ምናምን ላይ አያቆምም፤ 28 አካባቢ እስኪደርስ ይጠብቃል። ባለ12 ባትሪ እዚያ አይደርስም፣ ፀሐይ ባለች ቁጥር እየተሞላ ይፈላል እንጂ። ሁለቱ ቅሬታዎች አብረው የሚመጡት ለዚህ ነው። ልጁ ጋ ሲደርስ የሚሠራውም ከሽቦው ተፈትቶ ስለመጣና እሱ በልማዱ ባትሪውን ስለሚያስቀድም ነው። (ቮልቴጁ በእጅ የሚመረጥበት ኮንትሮለር ይህ ጣጣ የለበትም፤ የእኛው ግን ራሱ የሚለይ ነው።)

ታዲያ ፓነሉ ለምን መጀመሪያ ተጻፈ? ኮንትሮለሩን አዙሬ ሳየው ተገለጠልኝ። የሽቦ መግቢያዎቹ ከግራ ወደ ቀኝ ፓነል፣ ባትሪ፣ አምፖል ተብለው ተደርድረዋል። መመሪያውን ያዘጋጀው ሰው ዕቃውን ፊቱ አስቀምጦ የሚያየውን በተራ ገለጸ እንጂ እየገጠመ አልጻፈም። መመሪያ ስገመግም አሁን መጀመሪያ የምፈልገው ይህንኑ ነው፤ ደረጃዎቹ የተደረደሩት እጅ በሚሠራበት ተራ ነው ወይስ ዓይን በሚያይበት?

ልጁ አልተዋጠለትም። «ማሳሰቢያው አለ እኮ!» አለ። ስለዚህ ሙሉ ካርቶን ይዘን ወደ ጥበቃው ሄድን። ጋሼ ማንበብ ይችላሉ፣ ሶላር ግን ገጥመው አያውቁም። «ጋሼ፣ ይህን አንብበው ይግጠሙልን፤ እኛ ምንም አንናገርም» አልናቸው። ፓነሉን ለጥንቃቄ በብርድ ልብስ ሸፍነነው ነበር።

መነጽራቸውን አደረጉና የፓነሉን ሽቦ አነሱ። ልጁ አፉን ሊከፍት ሲል ክንዱን ያዝኩት። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ገጹን ገለበጡ፣ መለሱ፣ ካርቶኑ ውስጥ አዩ። «ልጄ፣ ጭነቱ የታለ?» አሉኝ። ጭነት ማለት አምፖሎቹ ነበሩ፤ የኤሌክትሪክ ሰው ለምዶት የሚናገረው፣ ሌላው ግን ገበያ የሚወስደው ነገር። በእኛ ዕቃ ከአምፖልና ከስልክ ቻርጅ ሌላ የሚሰካ ስለሌለ «አምፖሎቹን» ብሎ መጻፍ ይበቃ ነበር።

እኔን ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ያላነበቡት ነው። ሲጨርሱ «መቼም ይሄ ባትሪ ቤት ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ እኛ ቤት ባለቤቴ ቡና የምታፈላበት ጥግ ብቻ ነው ባዶ» አሉ። ከሰል ምድጃ አጠገብ ማለት ነው። ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ሲሞላ፣ በተለይ ሲፈላ፣ ሃይድሮጂን ይወጣዋል፤ የታፈነ ጥግ ውስጥ ከተጠራቀመ ለመፈንዳት የእሳት ፍንጣሪ ይበቃዋል፣ ባትሪው ሲፈነዳ ደግሞ አሲዱን ይረጫል። መመሪያው «አየር በሚገባው ስፍራ ያስቀምጡ» ይል ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግን አልተናገረም። ምክንያቱን ያልሰማ ሰው በሩ ክፍት ከሆነ አየር ገባ ብሎ ያስባል። እሳት የሚል ቃል ከዳር እስከ ዳር የለም።

እንደገና ስንጽፈው ባትሪው የሚቀመጥበት ቦታ ከሽቦው ሁሉ በፊት መጣ፤ ከምድጃ፣ ከከሰል፣ ከኩራዝና ከዕጣን ይራቅ፣ ጋዝ ስለሚወጣው ሊፈነዳ ይችላል፣ ልጆች አይድረሱበት። ከዚያ ባትሪው፣ ከዚያ ፓነሉ፣ በመጨረሻ አምፖሎቹ። ማሳሰቢያውም ከሣጥኑ ወጥቶ የፓነሉ ደረጃ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ሆነ፤ «ባትሪው ተገናኝቷል? የኮንትሮለሩ መብራት በርቷል? ካልበራ የፓነሉን ሽቦ አይንኩ።» የድሮውን «ፓነሉን ከማገናኘትዎ በፊት» የሚለውን አገባብ ሆን ብዬ አስወገድኩት። ዓረፍተ ነገሩ በፓነሉ ስለሚጀምር በጣቱ እየተከተለ የሚያነብ ሰው ግሱ ጋ ሳይደርስ እጁን ወደ ፓነሉ ይልካል፤ ጋሼ ላይ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ቀድሞ የታተመው መመሪያ ገና መጋዘን ሙሉ ስለነበር ሥራ አስኪያጁ ይጣል የሚለውን አልሰማም። ተለጣፊ አሳትመን ኮንትሮለሩ ላይ በየመግቢያው 1፣ 2፣ 3 ለጠፍን፤ 1 መሃል ላይ፣ 2 ግራ ላይ፣ 3 ቀኝ ላይ።

አዲሱን ይዤ ጋሼ ጋ ተመለስኩ። ሳይቆሙ ገጠሙት። ከዚያ ሽቦውን ይዘው «ስፈታውስ በዚሁ ተራ ነው?» አሉ። ስለ መፍታት አንድም መስመር አልነበረንም፤ ባትሪ የሚቀይር ሰው መጀመሪያ ባትሪውን ቢነቅል ኮንትሮለሩ ከፓነሉ ጋር ብቻውን ቀርቶ ያው ስህተት ይደገማል። የመጨረሻው ገጽ ስለዚህ ስለ መፍታት ሆነ፤ አምፖሎቹን ያጥፉ፣ ፓነሉን በወፍራም ጨርቅ ሸፍነው ይንቀሉ፣ ባትሪውን በመጨረሻ።