የብድር ዋስ ሆኖ መከሰስ፦ አንድን የደሴ ጉዳይ እንዴት እንደተከራከርኩት

ደሴ ውስጥ ጥብቅና ስሠራ ከማያቸው ጉዳዮች ሁሉ ቶሎ የሚያናድደኝ የዋስ ክስ ነው። ሰው ለፊርማ ሲጠራ የሚነገረው አንድ ነገር ነው፤ «አብሽሩ ጋሼ፣ ለፎርማሊቲ ነው»። መጥሪያው ሲመጣ ግን የሚነገረው ሌላ ነው። የብድር ሠራተኞቹ ውሉን አያነቡለትም፣ ቅጂም አይሰጡትም። እኔ ይህን የምጽፈው ከመፈረም በፊትም ሆነ ከተከሰሱ በኋላ የትኛው ቃል ዋጋ እንዳለው ሰው እንዲያውቅ ነው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። አንድ የኮምቦልቻ ነጋዴ ከአንድ አበዳሪ ተቋም 400,000 ብር ተበደረ። ደመወዝተኛ የሆነ ዘመዱ ደግሞ እስከ 200,000 ብር ድረስ ዋስ ሆኖ ፈረመ። ነጋዴው ከዋናው ገንዘብ 260,000 ብር ከፈለና 140,000 ቀረው። ያን ጊዜ ተቋሙ 250,000 ብር ጨምሮ አበደረውና ሁለቱን ደምሮ የ390,000 ብር አዲስ ውል አስፈረመው። ዋሱን ግን ማንም አልጠራውም። ነጋዴው ክፍያ ሲያቆም ተቋሙ ነጋዴውን ትቶ ዋሱን ብቻውን ከሰሰ፤ የጠየቀውም ሙሉውን 200,000 ብር ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የዋሱ ደመወዝ በቀላሉ ይገኛል፣ የነጋዴውን ዕቃ መፈለግ ግን ድካም አለው።

መጀመሪያ ያደረግሁት የዋስትና ውሉን ከተቋሙ ማስወጣት ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋስትና በጽሑፍ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ተዋዋዮቹና ሁለት ምስክሮች ይፈርማሉ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ቁጥር 1922ን ልብ በሉ። ዋስትና በግምት አይኖርም፣ ከተዋዋሉበት ወሰንም አልፎ አይሄድም፣ ዋሱ እስከ ስንት ብር ድረስ እንደሚጠየቅ ካልተጻፈ ደግሞ ውሉ አይጸናም። «ለሚፈለግበት ዕዳ ሁሉ ዋስ ነኝ» የሚል ወረቀት ቁጥር ከሌለበት ዋሱ የሚከራከርበት ጠንካራ ነጥብ አለው። ደንበኛዬ ወረቀት ላይ 200,000 ተጽፎ ነበርና ይህ በር ተዘጋ።

ሁለተኛው የፈለግሁት «በአንድነትና በነጠላ» የሚለውን ሐረግ ነው። ብዙዎች ዋስ የሚጠየቀው ባለዕዳው አልከፍልም ሲል፣ ያውም ንብረቱ ከተሸጠ በኋላ ነው ብለው ያምናሉ። ይህ የሚሠራው ለተራ ዋስ ብቻ ነው። በቁጥር 1933 መሠረት ከባለዕዳው ጋር በአንድነት ኃላፊ ነኝ ብሎ የፈረመ ዋስ፣ ባለገንዘቡ ባለዕዳውን ሳይጠይቅ በቀጥታ ሊከሰው ይችላል። የተቋማቱ ቅጽ ይህን ሐረግ አስቀድሞ አትሞ ነው የሚያመጣው። እኔ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው፣ ሐረጉ እንዲሰረዝ ጠይቁ፣ እምቢ ካሉ አትፈርሙ ነው። ሠራተኛው «ቅጹ አይነካም» ሊል ይችላል፤ ቅጹ አይነካም ማለት ግን የእናንተ ደመወዝ ይነካል ማለት ነው።

ተራ ዋስ ብትሆኑ እንኳ መብቱ በራሱ አይመጣም። መጀመሪያ በተጠየቃችሁ ጊዜ፣ በመጀመሪያው መልስ ላይ፣ «በቅድሚያ የባለዕዳው ንብረት ይጠየቅ» ማለት አለባችሁ፤ ንብረቱ የት እንዳለም ማሳየት ይጠበቅባችኋል። መጋዘኑን፣ መኪናውን፣ የንግድ ፈቃዱን አድራሻ ሰብስቡ። ፍሬ ነገሩ ላይ ተከራክራችሁ ቆይታችሁ በኋላ ብታነሱት ጊዜው አልፎበታል። በእኛ ጉዳይ ሐረጉ ስለነበረ ይህን መቃወሚያ አላነሳሁም፤ የማይሠራ መቃወሚያ የሚሠራውን ያደክመዋል።

ዋናው ክርክር አዲሱ ውል ላይ ነበር። ዋስ ባለዕዳው ሊያነሳ የሚችለውን መከላከያ ሁሉ ማንሳት ይችላል፤ ዕዳው ሲቀርም ዋስትናው ይቀራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ክርክሬ የ400,000ው ብድር በ390,000ው ውል ተተክቷል፣ ዋስትናውም ከአሮጌው ጋር ቀርቷል የሚል ነው። ሁለተኛውን አማራጭ አድርጌ አቀረብኩ። ውሉ አልተተካም ቢባል እንኳ፣ ደንበኛዬ ዋስ የሆነው ለመጀመሪያው ብድር ነው፣ የዚያ ቀሪ ደግሞ 140,000 ብር ብቻ ነው አልኩ። ተጨማሪው 250,000 እሱ ያልፈረመበት ስለሆነ ቁጥር 1922 ይከለክለዋል።

ሁለቱን አንድ ላይ ማቅረብ አስፈላጊ ነው፤ መተካት በግምት አይወሰድምና። የአዲሱ ወረቀት ርዕስ «የብድር ውል ማሻሻያ» የሚል ስለነበር ፍርድ ቤቱ የመጀመሪያውን ክርክር አልተቀበለውም። ሁለተኛውን ተቀበለ። የመክፈያ ጊዜ ብቻ ከተራዘመ ግን፣ ያ ብቻውን ዋስን ነፃ ያወጣል ብዬ አልከራከርም፤ ዳኛውን ማሰልቸት ነው።

ከዚያ ደረሰኞቹ መጡ። ነጋዴው ከአዲሱ ውል በኋላ 60,000 ብር ከፍሎ ነበር። ተቋሙ ሁሉንም በአዲሱ ብድር ሒሳብ ላይ አስገብቶታል። ደረሰኞቹን ከነጋዴው ወስጄ አንድ በአንድ አየኋቸው። ሁለቱ ላይ፣ በድምሩ 45,000 ብር፣ የክፍያው ምክንያት በሚጻፍበት ቦታ የቀድሞው ብድር ቁጥር በእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል። ባለዕዳ ሲከፍል የትኛውን ዕዳ እንደሚከፍል መናገር መብቱ ነው፤ ተቋሙ በኋላ ኮምፒውተር ላይ ያዛወረው ይህን አይለውጥም። የቀረው 15,000 ብር ደረሰኝ ምንም ስላልተጻፈበት ተከራክሬ አላገኘሁትም። በመጨረሻ ከ140,000 ላይ 45,000 ተቀንሶ 95,000 ብር ተፈረደ። ከ200,000 ጋር ሲተያይ 105,000 ብር ልዩነት ነው፤ የመጣውም ከውሉ አንድ መስመርና ከሁለት ደረሰኞች ነው። የተቋሙ የሕግ ክፍል እነዚህን ወረቀቶች ከክሱ በፊት ማየት ነበረበት፤ ሰውን ለወራት አመላልሶ ፍርድ ቤት እንዲነግረው አይጠበቅም።

ነጋዴውን ደግሞ ወደ ክርክሩ አስገባሁት። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 43 ተከሳሽ «ብከፍል የሚተካልኝ ሰው አለ» ሲል ያ ሰው እንዲገባ ይፈቅዳል። ጥያቄው ከመከላከያ መልሱ ጋር ይቅረብ። አለበለዚያ ዋሱ ከፍሎ እንደገና ሌላ ክስ ይከፍታል፣ በመሐል ነጋዴው ዕቃውን ይሸጣል።

መጥሪያው ራሱ ላይም ዓይናችሁን ጣሉ። ክሱ በአጭር ሥነ ሥርዓት የቀረበ ከሆነ ዝም ብሎ መልስ ማስገባት አይበቃም፤ በመሐላ በተደገፈ ጽሑፍ የመከላከያ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። ካልተጠየቀ ከሳሹ እንደ ጠየቀው ይፈረድለታል። ጥሩ መከላከያ ይዞ በዚህ የወደቀ ዋስ ብዙ ነው።

ከከፈላችሁ በኋላ በቁጥር 1944 መሠረት በከፈላችሁት ልክ በባለገንዘቡ ቦታ ትተካላችሁ። ስለዚህ ገንዘቡን ስታስረክቡ ደረሰኙ ላይ «በዋስነት ስለ እገሌ የተከፈለ» ተብሎ ይጻፍ፣ የብድር ውሉ ቅጂና በመያዣ የተያዘ ነገር ካለ የመያዣው ሰነድ አብሮ ይሰጣችሁ። ያለ ክስ በፈቃዳችሁ የምትከፍሉ ከሆነ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት ለባለዕዳው በጽሑፍ አሳውቁት። እሱ ቀድሞ ከፍሎ ወይም መከላከያ ኖሮት ሳለ ዝም ብላችሁ ከከፈላችሁ፣ ገንዘቡን ከእሱ መልሶ ማግኘት ይከብዳል።