ባዶ ሴል ዜሮ አይደለም፦ በሴሚስተር መካከል የተማሪን አማካይ ውጤት እንዴት እንደማሰላ

ይህን የምጽፈው የተማሪዎችን ውጤት በኤክሴል መያዝ ለሚጀምር መምህር፣ ለእኔ ማንም ያልነገረኝን ነገር አስቀድሜ ልነግረው ስለምፈልግ ነው። ጉዳዩ ገና ሁሉም ሥራ ሳይታረም፣ በሴሚስተሩ መካከል ላይ፣ አንድ ተማሪ አሁን ያለበትን አማካይ ውጤት ስለ ማስላት ነው። መጨረሻ ላይ ሁሉም ነጥብ ሲሞላ በማንኛውም መንገድ ቢሰላ ውጤቱ አንድ ነው፤ ተማሪው ግን የሚጨነቀው፣ የሚወስነውና ትምህርቱን ልቀጥል ወይስ ላቋርጥ የሚለው መካከሉ ላይ ባየው ቁጥር ነው።

መዝገቡን ማዘጋጀት ቀላል ነው። ተማሪዎቹ በረድፍ፣ ሥራዎቹ በዓምድ ይደረደራሉ፤ በመጀመሪያው ረድፍ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ሥራ ከስንት እንደሚታረም ይጻፋል። በእኔ ኮርስ አሳይመንት 30 በመቶ፣ ቴስት 20፣ ፕሮጀክት 10፣ የመጨረሻው ፈተና 40 በመቶ ይይዛል። አሳይመንቶቹ አምስት ሲሆኑ እያንዳንዳቸው ከ10 ይታረማሉ።

አሁን አንድ ተማሪ እንውሰድ። በመጀመሪያው አሳይመንት 8፣ በሁለተኛው 9 አግኝቷል። ሦስተኛውን በጊዜው አስገብቷል፤ እኔ ግን ገና አላረምኩትም። አራተኛውን የማስገቢያው ቀን ቢያልፍም አላስገባም። አምስተኛው ገና አልተሰጠም። በቴስት ከ20 15 አምጥቷል፤ ፕሮጀክቱና የመጨረሻው ፈተና ገና ናቸው። ከአሳይመንቶቹ ሦስቱ ቁጥር የላቸውም፤ ቁጥር ያጡበት ምክንያት ግን የተለያየ ነው። የሂሳቡ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ያልታረመው የእኔ ዕዳ ነው፤ ያልገባው የተማሪው ዕዳ ነው፤ ያልተሰጠው ደግሞ የማንም ዕዳ አይደለም።

ሦስቱንም ዜሮ ብለን ብንቆጥር አሳይመንቱ ከ50 17፣ ማለትም 34 በመቶ ይሆናል። ይህ ከ30ው 10.2 ያስገኝለታል፤ የቴስቱ 15 ሲጨመርበት ድምሩ ከ100 25.2 ይሆናል። ሦስቱንም ብንተዋቸው ደግሞ አሳይመንቱ ከ20 17፣ ማለትም 85 በመቶ ይሆንና፣ እስካሁን በተመዘነው 50 በመቶ ውስጥ አማካዩ 81 ይደርሳል። ትክክለኛው ቁጥር ሁለቱም አይደሉም። ቀኑ ያለፈበት አራተኛው አሳይመንት እንደ ዜሮ ይቆጠራል፤ ሦስተኛውና አምስተኛው ከሂሳቡ ይወጣሉ። ስለዚህ ከ30 17 ማለት 56.67 በመቶ ነው፤ ይህ ከ30ው 17 ያስገኛል፤ 17 እና 15 ሲደመሩ 32፣ ከ50 ሲሰላ 64 በመቶ ይሆናል። ያው አንድ ተማሪ፣ በያው ቀን፣ 25.2 ወይም 64 ወይም 81 ሊባል ይችላል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን በሰፊው የምጽፈው እስከ ዛሬ ስለሚያናድደኝ ነው።

አስተምርበት በነበረው ተቋም የውጤት ክፍሉ በሴሚስተሩ መካከል ከየመምህሩ ውጤት ይሰበስብ ነበር። የራሱን ቅጽ አዘጋጅቶ፣ የእኛን መዝገብ በሴል ማጣቀሻ ከቅጹ ጋር ያያይዘዋል። በኤክሴል ውስጥ ደግሞ ባዶ የሆነን ሴል በቀጥታ የሚያጣቅስ ቀመር ባዶ አይመልስም፤ ዜሮ ይመልሳል። እኔ ባዶ አድርጌ የላክሁት ሁሉ እነሱ ዘንድ ሲደርስ ዜሮ ሆኖ ተገኘ። ዜሮ አንዴ ከሆነ በኋላ AVERAGE የሚባለው ቀመር እንኳ አያድነውም፤ AVERAGE ባዶ ሴልንና በሴል ውስጥ ያለ ጽሑፍን ይዘላል፣ ዜሮን ግን እንደ ማንኛውም ቁጥር ይቆጥራል። ያልተሰጠ አሳይመንት፣ ያልተጀመረ ፕሮጀክትና ያልደረሰ የመጨረሻ ፈተና ሳይቀር ተደምረው፣ ከላይ የጠቀስኩት ተማሪ 25.2 በመቶ የሚል ወረቀት ተሰጠው። ከዝርዝሩ ሥር በወደቁ ተማሪዎች መካከል ስሙ ነበረበት።

ተማሪው ወደ እኔ የመጣው ኮርሱን ለማቋረጥ የሚሞላውን ቅጽ ይዞ ነው። «መምህር፣ ከዚህ ወዲያ ባልደክም ይሻላል፤ ሰባ አምስት ነጥብ አጥቻለሁ» አለኝ። ያን ያህል እንዳላጣ፣ ከ100ው 50ው ገና እንዳልተጀመረ፣ ከተመዘነው ውስጥ 64 በመቶ እንዳለው ሒሳቡን አንድ በአንድ እየጻፍኩ አሳየሁት። አራተኛውን አሳይመንት በግማሽ ነጥብ ዘግይቶ እንዲያስገባ ስለተፈቀደ፣ 9 የሚገባው ሥራ ቢያቀርብ 4.5 እንደሚያገኝ፣ ያኔም አማካዩ ወደ 73 እንደሚወጣ ነገርኩት። ቅጹን ሳይፈርም ተመለሰ። ስንቱ ግን መምህሩን ሳይጠይቅ ፈርሞ ይሆን? ይህን ሳስብ ዛሬም ሰላም አይሰጠኝም።

ለውጤት ክፍሉ አቤት ስል የተሰጠኝ መልስ ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ቅጹ ከቁጥር በቀር ምንም አይቀበልምና «ባዶ ሴል አይቻልም፣ ዜሮ ይሙሉበት» ተባልኩ። ሁለተኛ፣ ዜሮ ያየ ተማሪ ደንግጦ ሥራውን ያስገባል ተባለ። የመጀመሪያው የቅጹ ችግር እንጂ የሂሳቡ አይደለም። ሁለተኛው ግን ፍጹም ስህተት ነው፤ እኔ ያላረምኩትን ሥራ ተማሪው ደንግጦ እንዴት ያስገባዋል? አስገብቶታል። ያልተሰጠውንስ ከየት አምጥቶ ያስገባ? ማጣቀሻው እንዲህ ቢስተካከል ኖሮ ነገሩ በአንድ መስመር ይፈታ ነበር፦

```
=IF(Sheet1!G2="","",Sheet1!G2)
```

ሴሉ ባዶ ከሆነ ባዶውን ያሳልፋል፤ ቁጥር ከሆነ ቁጥሩን ያሳልፋል። ይህን ጽፌ ሰጥቻቸው ነበር፤ «መመሪያው ይህን አይልም» ከማለት በቀር መልስ አላገኘሁም።

የራሴን መዝገብ ግን እንዲህ አድርጌ ነው የምይዘው። ያልተሰጠ ሥራ ባዶ ይሆናል። የገባና ያልታረመ ሥራ «ያልታረመ» ተብሎ ይጻፋል። ቀኑ አልፎበት ያልገባ «ያላስገባ» ተብሎ ይጻፋል። በሕመም ወይም በሌላ በቂ ምክንያት ይቅር የተባለለት «ይቅር የተባለ» ይባላል። ዜሮ የሚጻፈው ሥራው ገብቶ፣ ታርሞ፣ ዜሮ ሲገባው ብቻ ነው። ከዚያ አሳይመንቶቹ ከC እስከ G ባሉት ዓምዶች ካሉ፣ በH ላይ የአሳይመንቱ መቶኛ እንዲህ ይሰላል፦

```
=IFERROR(SUM(C2:G2)/(SUMIF(C2:G2,">=0",C$1:G$1)+SUMIF(C2:G2,"ያላስገባ",C$1:G$1)),"")
```

SUM ጽሑፉን ስለሚዘል ላይ የሚደመረው የተገኘው ነጥብ ብቻ ነው። አካፋዩ ሁለት ክፍል አለው፦ ቁጥር የተጻፈባቸው ሥራዎች ሙሉ ነጥብ፣ በዚያ ላይ «ያላስገባ» የተባሉት ሙሉ ነጥብ። «ያልታረመ»፣ «ይቅር የተባለ» እና ባዶው አካፋዩ ውስጥ አይገቡም። በምሳሌያችን 17 ለ30 የሚመጣው በዚህ ነው። ቃሉ በየረድፉ ፊደል በፊደል አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ «አላስገባም» ተብሎ የተጻፈ እንደሆነ ቀመሩ አያውቀውም፣ ተማሪውም ሳይገባው 81 ይሰጠዋል። ስለዚህ በእጅ ከመጻፍ ይልቅ ከዝርዝር እንዲመረጥ አድርጌዋለሁ።

ቀጥሎ የሚመጣው የክብደቱ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። አሳይመንቱን በትክክል አስልተው ሲያበቁ፣ ምንም ያልታረመበትን ፕሮጀክትና የመጨረሻ ፈተና በክብደታቸው አባዝተው ይደምራሉ፤ ያኔ ተማሪያችን ከ100 32 ይሆናል። በH እስከ K የአራቱ ክፍሎች መቶኛ፣ በላያቸው በመጀመሪያው ረድፍ ደግሞ 30፣ 20፣ 10 እና 40 ካሉ፣ ትክክለኛው ይህ ነው፦

```
=SUMPRODUCT(H2:K2,H$1:K$1)/SUMIF(H2:K2,">=0",H$1:K$1)
```

SUMPRODUCT በነጠላ ሰረዝ ተለይቶ ሲጻፍ ቁጥር ያልሆነውን እንደ ዜሮ ስለሚወስድ ላይኛው ድምር አይበላሽም። በነጠላ ሰረዙ ምትክ የማባዣ ምልክት ቢገባ ግን #VALUE! የሚል ስህተት ይመጣል። አካፋዩ ቁጥር ያላቸው ክፍሎች ክብደት ብቻ ነው፣ እዚህ 50። ይህንኑ 50 ከአማካዩ ቀጥሎ ባለው ዓምድ ለብቻው አወጣዋለሁ፤ ለተማሪ አማካይ ስናገርም ያለ እሱ አልናገርም። «64 በመቶ፣ ከ100ው 50 ተመዝኖ» እና «64 በመቶ፣ ከ100ው 90 ተመዝኖ» እጅግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የመጀመሪያው ገና ብዙ ሊለወጥ ይችላል፣ ሁለተኛው ሊለወጥ የሚችለው በጥቂቱ ነው። ለምሳሌ ሦስተኛው አሳይመንት ብቻ ታርሞ 7 ቢያገኝ፣ ተማሪያችን ከ64 ወደ 66 ይሄዳል።

በሌላ በኩል፣ ለተማሪ አዝነው ያልገባውን ሥራ ባዶ የሚተዉ ባልደረቦቼንም አልደግፍም። ተማሪው ለወራት 81 እያየ ከርሞ፣ በመጨረሻው ሳምንት ባዶዎቹ በዜሮ ሲሞሉ በአንድ ቀን ይወድቃል፤ ያኔ የሚያስተካክልበት ጊዜ የለውም። ሙድል በተባለው የኦንላይን ማስተማሪያ ሥርዓት የሚሠሩም ይህን ልብ ሊሉት ይገባል፤ Exclude empty grades የሚለው ምርጫ ሲበራ ነጥብ የሌለው ሁሉ ከአማካዩ ይወጣል፣ ያላስገባም ሆነ ያልታረመ ልዩነት የለውም። ስለዚህ የማስገቢያው ቀን ባለፈ በማግስቱ ያላስገባውን ሁሉ እመዘግባለሁ፤ ዘግይቶ ሲያስገባ ቃሉ «ያልታረመ» ይሆናል፣ ሲታረም ደግሞ ቁጥር።

ሌላው ጥንቃቄ ለግማሹ ክፍል ብቻ የታረመን ሥራ ይመለከታል። እርማቱ እስኪያልቅ ነጥቡን አላሳይም፤ የአንዱ አማካይ ሦስት ሥራ፣ የሌላው ሁለት ሥራ የያዘ ከሆነ ተማሪዎቹ ወዲያው ማወዳደር ይጀምራሉ፣ ንጽጽሩ ግን ምንም ትርጉም የለውም። ደረጃም በዚያ ጊዜ አላወጣም።

ሴሚስተሩ ሲዘጋ ሁለት ነገር አጣራለሁ። COUNTIF ተጠቅሜ «ያልታረመ» የሚለው ቃል አንድም ቦታ አለመቅረቱን፣ COUNTBLANK ተጠቅሜ ባዶ ሴል አለመኖሩን አያለሁ። የተመዘነው ክብደት ዓምድ ለሁሉም 100 ማለት አለበት፤ ከ100 በታች የሆነ ተማሪ ካለ አንድ ሙሉ ክፍል ይቅር የተባለለት ነውና፣ ፈቃዱን የሰጠው ማን እንደሆነ ከፋይሉ አውጥቼ ከመዝገቡ ጋር አያይዘዋለሁ።