የወር ገቢያችንን በፓኬጅና በደንበኛ ዓይነት በፒቮት ቴብል እንዴት እንደለየሁት

የምሠራበት ድርጅት ትንሽ ነው። የሽያጭና የዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር በወርሃዊ ክፍያ እናከራያለን። ሦስት ፓኬጅ አለን፦ ቤዚክ 600 ብር፣ ስታንዳርድ 1,500 ብር፣ ፕሮ 4,000 ብር። ደንበኞቻችን ደግሞ በዘርፍ ሲለዩ ሱቆች፣ ካፌዎችና መድኃኒት ቤቶች ናቸው። አለቃዬ በየወሩ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ከየትኛው ፓኬጅ፣ ከየትኛው ደንበኛ ስንት ገባ?» ድሮ ካልኩሌተር ይዤ ነበር የምመልሰው። አሁን በኤክሴል ፒቮት ቴብል ነው፣ አሠራሩም እነሆ።

ሥራው ያለው ፒቮቱ ላይ ሳይሆን ከሱ በፊት ባለው ሺት ላይ ነው። አንድ ክፍያ አንድ ረድፍ ይሁን። ዓምዶቹ ስድስት ናቸው፦ ቀን፣ ወር፣ ደንበኛ፣ ዘርፍ፣ ፓኬጅ፣ ብር። በመሀል ባዶ ረድፍ፣ «የመስከረም ድምር» የሚል መስመር፣ ተዋህዶ የተሠራ ሴል፣ አንዳቸውም አይኑሩ። በተለይ የድምር መስመር ሳይሰረዝ ከተረሳ ፒቮቱ እሱንም እንደ አንድ ክፍያ ቆጥሮ ገቢያችሁን እጥፍ ያደርገዋል። ብሩን ከቫት በፊት ያለውን ነው የምጽፈው። የፕሮ ደንበኛ 4,600 ቢከፍልም 600ው የመንግሥት ስለሆነ እኔ ጋ 4,000 ነው።

አሁን ወደ ቀኑ እንምጣ፣ ምክንያቱም እኛ አገር ትልቁ ጣጣ እዚህ ጋ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፉ ትምህርቶች ቀኑን ራይት ክሊክ አድርጉና `Group` በሉ፣ ከዚያ `Months` እና `Years` ምረጡ ይላሉ። ለፈረንጅ ቀን በትክክል ይሠራል። የእኛ ደረሰኝ ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። መስከረም 15ን 15/01/2017 ብላችሁ ስትጽፉ፣ ኮምፒውተራችሁ ቀንን ከወር የሚያስቀድም ከሆነ፣ ኤክሴል ምንም ሳይል የፈረንጆች ጃንዋሪ 15 አድርጎ ይይዘዋል። ጥቅምት 30ን 30/02/2017 ስትሉት ደግሞ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ እንደ ጽሑፍ ይተወዋል። ጳጉሜንማ 13ኛ ወር ስለሌለው ጭራሽ አያውቃትም። ስለዚህ በአንድ ዓምድ ውስጥ ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ ይሆናል። በዓይን መለየት ይቻላል፦ ቀን የሆነው ወደ ቀኝ ይጠጋል፣ ጽሑፍ የሆነው ወደ ግራ። እንዲህ የተቀላቀለ ዓምድ ላይ `Group` ስትሉ `Cannot group that selection` የሚል መልእክት ብቅ ይላል።

እኔ ከኤክሴል ጋር መከራከሩን ትቼዋለሁ። የቀን ዓምዱን ገና ባዶ እያለ `Text` አደርገዋለሁ፣ ከዚያ ዓመቱን አስቀድሜ 2017-01-15 ብዬ እጽፋለሁ። ወሩን የሚያወጣልኝ ይህች ፎርሙላ ናት፦

```
=LEFT(A2,7)
```

ውጤቱ 2017-01 ይሆናል፣ ያ መስከረም ነው። የወሩን ስም በፊደል ብትጽፉት ፒቮቱ በፊደል ተራ ይደረድረዋል እንጂ በወር ተራ አይደለም፣ በቁጥር ከሆነ ግን 2017-13 ድረስ ራሱ ቦታ ቦታውን ይይዛል። ፎርሙላው በውጤቱ ፈንታ እንዳለ ከታየ የወር ዓምዱም `Text` ሆኖ ነውና ወደ `General` ቀይሩትና ፎርሙላውን እንደገና ጻፉት።

ሺቱ ከተስተካከለ በኋላ ያለው የደቂቃዎች ሥራ ነው። ዳታው ውስጥ አንዱ ሴል ላይ ቆማችሁ `Ctrl+T` ተጫኑ፣ ሰንጠረዥ ይሆናል፣ አዲስ ረድፍ ስትጨምሩም አብሮ ያድጋል። ከዚያ `Insert`፣ `PivotTable`፣ `New Worksheet`፣ `OK`። በቀኝ በኩል የዓምዶቻችሁ ስምና አራት ሳጥኖች ይመጣሉ። ወርን ጎትታችሁ `Rows` ውስጥ፣ ፓኬጅን `Columns` ውስጥ፣ ብርን `Values` ውስጥ ጣሉ። አለቀ። ቁጥሩ ከጠበቃችሁት እጅግ ካነሰ፣ ለምሳሌ 27,000 መሆን ያለበት ቦታ 18 ካለ፣ ፒቮቱ እየደመረ ሳይሆን እየቆጠረ ነው። ብር ዓምድ ውስጥ አንድ ቦታ «1,500 ብር» ተብሎ በጽሑፍ ገብቷል ወይም፣ ኤክሴሉ የቆየ ከሆነ፣ ባዶ ሴል አለ። እሱን አስተካክሉና `Value Field Settings` ውስጥ `Sum` ምረጡ።

የእኔ የመስከረምና የኅዳር መስመር እንዲህ ነበር የወጣው። መስከረም፦ ቤዚክ 24,000፣ ስታንዳርድ 30,000፣ ፕሮ 20,000፣ ድምር 74,000። ኅዳር፦ ቤዚክ 31,200፣ ስታንዳርድ 27,000፣ ፕሮ 20,000፣ ድምር 78,200። ድምሩን ብቻ ያየ ሰው አድገናል ብሎ ደስ ይለዋል። ስታንዳርድ ግን 3,000 ብር ወርዷል።

ከየት እንደወረደ ለማየት ዘርፍን `Rows` ውስጥ ጨመርኩ። እዚህ ጋ ቅደም ተከተሉ ለውጥ አለው። ወር ከላይ ዘርፍ ከታች ከሆነ እያንዳንዱ ወር ለብቻው ይበታተናል፣ ካፌን ከወር ወር ለማወዳደር ወደላይ ወደታች መባዘን ነው። ዘርፍን ከወር በላይ ስታደርጉት ግን የካፌዎች ወራት ተከታትለው ይሰለፋሉ። እኔ ጋ በስታንዳርድ ስር ካፌ ከ13,500 ወደ 9,000 ወርዶ አገኘሁት። ሱቅ ባለበት ነው፣ መድኃኒት ቤት እንዲያውም በአንድ ደንበኛ ጨምሯል። ማለትም ሦስት ካፌዎች ከስታንዳርድ ወጥተዋል። ፒቮቱ ውስጥ ቁጥሩ ላይ ሁለቴ ክሊክ ስታደርጉ ከቁጥሩ ጀርባ ያሉት ረድፎች በአዲስ ሺት ይከፈታሉ፣ ይቺን ነገር ብዙ ሰው አያውቃትም። የመስከረሙን 13,500 እና የኅዳሩን 9,000 ከፍቼ ስሞቹን አስተያየሁ፣ ሦስቱም ጥለውን አልሄዱም፣ ወደ ቤዚክ ነው የወረዱት። ለምን እንደወረዱ ፒቮት አይናገርም፣ እሱ ስልክ ደውሎ መጠየቅ ነው።

መጀመሪያ ሳወጣው ግን ዘርፉ ሦስት ሳይሆን አምስት ሆኖ ነበር የመጣው። «መድኃኒት ቤት»፣ «መድሀኒት ቤት» እና «መድሃኒት ቤት» ለእኛ አንድ ናቸው፣ ለኤክሴል ሦስት የተለያዩ ዘርፎች። «ሀ»ን በሦስት ዓይነት የሚጽፉ ሦስት ሠራተኞች ካሉ ገቢው ሦስት ቦታ ይከፋፈላል። `Find and Replace` ተጠቅሜ አንድ አደረግኳቸውና ዓምዱን `Data Validation` ውስጥ `List` አደረግኩት፣ አሁን ማንም አይጽፍም፣ ከዝርዝር ይመርጣል።

ሌላው ጥንቃቄ የሚፈልገው የዓመት ክፍያ ነው። አንድ መድኃኒት ቤት ጥር ላይ የፕሮን የዓመት 48,000 ብር በአንዴ ከፈለ። እንዳለ ካስገባሁት ጥር ሰማይ ይነካል፣ የካቲት ደግሞ የከሰርን ይመስላል። ስለዚህ ገቢ ለሚለው ሺት 4,000 ብር ያላቸው አሥራ ሁለት ረድፎች አድርጌ በየወሩ በተንኩት፣ ጳጉሜንን ከነሐሴ ጋር ነው የምናስባት። ባንክ የገባው ጥሬ ብር የሚታየው ሌላ ሺት ላይ ነው፣ ሁለቱን አንድ ፒቮት ውስጥ አልቀላቅልም።

ለአለቃዬ ከመላኬ በፊት ሁልጊዜ ሁለት ነገር አደርጋለሁ። ፒቮቱ ላይ ራይት ክሊክ አድርጌ `Refresh` እላለሁ፣ ምክንያቱም አዲስ ረድፍ ሲገባ ብዙ ጊዜ በራሱ አያድስም። ቀጥሎ የ`Grand Total` ቁጥሩን ከዋናው ሺት የብር ዓምድ ድምር ጋር አስተያያለሁ። እኩል ካልሆኑ ወይ `Refresh` አልተደረገም፣ ወይ የሆነ ቦታ ፊልተር በርቷል፣ ወይ ፒቮቱ የሚያነበው ክልል ከመጨረሻው ረድፍ በፊት ቆሟል።